አክቲቬሽን ኢነርጂን በሁለት ሙቀት ከተለካ የፍጥነት ቋሚ ማስላት

የአንድ ሪአክሽን የፍጥነት ቋሚ በሁለት የተለያዩ ሙቀቶች ተለክቶ እጃችሁ ከገባ፣ አክቲቬሽን ኢነርጂውን ለማግኘት የቀራችሁ አጭር ስሌት ነው። ካልኩሌተር ላይ ከሁለት ደቂቃ በላይ አይፈጅም። ችግሩ ያለው ሌላ ቦታ ነው፦ ከሁለት ነጥብ ሁልጊዜ አንድ መልስ ይወጣል። ልኬቱ ጥሩም ይሁን መጥፎ ቀመሩ ቅሬታ አያሰማም። ስለዚህ ስሌቱን ከሠራን በኋላ የወጣው ቁጥር ምን ያህል እንደሚታመን የምናይበትን መንገድ ረዘም አድርገን እንሄድበታለን።

ምሳሌያችን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ነው፤ የዳይናይትሮጅን ፔንታኦክሳይድ (N2O5) መበስበስ። ሪአክሽኑ አንደኛ ኦርደር ነው፣ በተራ የላቦራቶሪ ሙቀት በሚመች ፍጥነት ይሄዳል፣ በዚህም ምክንያት የኬሚስትሪ መማሪያ መጻሕፍት ደጋግመው ያመጡታል። በብዛት የሚታዩት ቁጥሮች እነዚህ ናቸው፦

| ሙቀት (°C) | ሙቀት (K) | k (s⁻¹) |
|---|---|---|
| 25 | 298.15 | 3.46 × 10⁻⁵ |
| 35 | 308.15 | 1.35 × 10⁻⁴ |
| 45 | 318.15 | 4.98 × 10⁻⁴ |
| 55 | 328.15 | 1.50 × 10⁻³ |
| 65 | 338.15 | 4.87 × 10⁻³ |

ለጊዜው የ25 እና የ45 ዲግሪዎቹን ብቻ ይዘን ሌሎቹ የሉንም እንበል። በኋላ መልሳችንን የምንፈትነው በእነሱ ነው።

ቀመሩ

መነሻው ስቫንቴ አርኒየስ እ.ኤ.አ. በ1889 ያቀረበው ግንኙነት ነው፦

```
k = A × e^(−Ea / (R × T))
```

k የፍጥነት ቋሚው ነው፣ T በኬልቪን የተጻፈ ሙቀት፣ R የጋዝ ቋሚው (8.314 ጁል በሞል በኬልቪን)፣ Ea ደግሞ የምንፈልገው አክቲቬሽን ኢነርጂ። A የሚባለውን ቁጥር አናውቀውም። ያልታወቁት ሁለት ስለሆኑ ነው ሁለት ልኬት የሚያስፈልገው። የሁለተኛውን ሙቀት k በመጀመሪያው k ስናካፍል A ከላይም ከታችም ስላለ ይሰረዛል፤ ከዚያ ናቹራል ሎጋሪዝም ስንወስድ የሚከተለው ይቀራል፦

```
ln(k2 / k1) = (Ea / R) × (1/T1 − 1/T2)

Ea = R × ln(k2 / k1) / (1/T1 − 1/T2)
```

በቅንፉ ውስጥ T1 እንደሚቀድም፣ በሎጋሪዝሙ ውስጥ ደግሞ k2 ከላይ እንደሆነ ልብ በሉ። ይህ መገለባበጥ ከ Ea ፊት ከነበረው የመቀነስ ምልክት የመጣ ነው። ትልቁን ሙቀት 2 ብላችሁ ብትጠሩት ሁለቱም ክፍሎች ፖዘቲቭ ይሆናሉ፣ ለማየትም ይቀላል። ገልብጣችሁ ትንሹን 2 ብትሉትም መልሱ አይለወጥም፤ የሚያበላሸው k ን ገልብጦ T ን መርሳት ነው።

ስሌቱ፣ ደረጃ በደረጃ

1. ሙቀቱን ወደ ኬልቪን ቀይሩ። 25 + 273.15 = 298.15፣ 45 + 273.15 = 318.15።

2. ሁለቱ k በአንድ ዓይነት መለኪያ መጻፋቸውን አረጋግጡና አካፍሉ። አንዱ በሰከንድ፣ ሌላው በደቂቃ ከሆነ ሬሾው 60 እጥፍ ይሳሳታል። እዚህ ሁለቱም በሰከንድ ናቸው፦ (4.98 × 10⁻⁴) ÷ (3.46 × 10⁻⁵) = 14.39። መለኪያው ስለሚሰረዝ ሬሾው እርቃኑን የቀረ ቁጥር ነው። ሪአክሽኑ ሁለተኛ ኦርደር ቢሆንና k በሌላ መለኪያ ቢጻፍም አሠራሩ ያው ነው።

3. ናቹራል ሎጋሪዝም ውሰዱ። ln(14.39) = 2.667። ካልኩሌተሩ ላይ የሚጫነው `ln` ነው፣ `log` አይደለም።

4. የሙቀቶቹን ተገላቢጦሽ ልዩነት አስሉ። 1/298.15 = 0.00335402፣ 1/318.15 = 0.00314317፣ ልዩነታቸው 0.00021085 ወይም 2.1085 × 10⁻⁴።

5. አባዙና አካፍሉ። 8.314 × 2.667 ÷ (2.1085 × 10⁻⁴) ወደ 105,200 ጁል በሞል ይሰጣል፤ ማለትም 105 ኪሎ ጁል በሞል።

ከአምስቱ ውስጥ ብዙ ሰው የሚሰናከለው አራተኛው ላይ ነው። ሁለቱ ተገላቢጦሾች በጣም ተቀራራቢ ስለሆኑ ሲቀናነሱ የፊተኞቹ አሃዞች ይጠፋሉ፣ የሚተርፈው ከኋላ ያለው ነው። አሳጥሮ 0.0034 እና 0.0031 የጻፈ ሰው ልዩነቱን 0.0003 ያደርገዋል፤ መልሱም ከ105 ወደ 74 ኪሎ ጁል ይወርዳል። አንድም የቀመር ስህተት ሳይሠራ 30 በመቶ ገደማ አጠፋ ማለት ነው። መድኃኒቱ ተገላቢጦሾቹን ቢያንስ እስከ ስድስት ትርጉም ያላቸው አሃዞች መያዝ ነው። ከዚህም የሚሻል አለ፤ መቀነሱን በዚህ መልክ መጻፍ፦

```
1/T1 − 1/T2 = (T2 − T1) / (T1 × T2)
            = 20 / (298.15 × 318.15)
            = 2.1085 × 10⁻⁴
```

እንዲህ ሲጻፍ የሚጠፋ አሃዝ የለም፣ በእጅም ይሠራል።

የሌሎቹ ስህተቶች መልስም የራሱ ምልክት አለው። በዚሁ ምሳሌ ሙቀቱን በሴልሺየስ ያስገባ ሰው 1.25 ኪሎ ጁል ያገኛል፤ እንዲህ ያለ ትንሽ ቁጥር ስታዩ መጀመሪያ የምትጠረጥሩት ኬልቪን መረሳቱን ነው። `ln` በማለት ፈንታ `log` የተጫነ እንደሆነ 45.7 ይወጣል፤ ይህ አደገኛው ነው፤ 45.7 ለአንድ ሪአክሽን እንግዳ ቁጥር ስላልሆነ ማንም አይጠረጥረውም። መልሱ 2.303 እጥፍ ማነሱን ለማወቅ ቀጥተኛው መንገድ ሎጋሪዝሙን መመርመር ነው። R ን በ0.08206 የተካ ደግሞ መልሱ መቶ እጥፍ ያህል ያንሳል፤ ያ ቁጥር በሊትርና በአትሞስፌር የተጻፈው የጋዝ ቋሚ ስለሆነ እዚህ ቦታ የለውም። መልሱ ኔጋቲቭ ከሆነ ከሁሉ በፊት የ1 እና የ2 አቀማመጥ ይታይ።

k ራሱ ሳይኖራችሁ ሌላ ነገር ቢኖራችሁስ? አንደኛ ኦርደር ለሆነ ሪአክሽን ሃፍ ላይፉ በቂ ነው፣ ሬሾው ግን ይገለበጣል፤ k2/k1 ማለት የመጀመሪያው ሙቀት ሃፍ ላይፍ ሲካፈል ለሁለተኛው ነው። የሪአክሽን ፍጥነት ብቻ ከለካችሁ ደግሞ በ k ምትክ ልትጠቀሙበት የምትችሉት በሁለቱም ሙቀት ኮንሰንትሬሽኑ አንድ ከነበረ ብቻ ነው። ያለዚያ የኮንሰንትሬሽኑ ልዩነት ሬሾው ውስጥ ተደብቆ ይገባል።

በነገራችን ላይ፣ ለ N2O5 የተለያዩ መጻሕፍት በእጥፍ የሚለያዩ k ቢያሳዩአችሁ አትደንግጡ። ፍጥነቱ የተተረጎመው N2O5 በሚጠፋበት ፍጥነት ነው ወይስ በግማሹ በሚለው ይለያያሉ። ሁለቱንም k ከአንድ ምንጭ እስከወሰዳችሁ ድረስ እጥፉ ይሰረዛል፣ Ea አይነካም። አንዱን ከአንዱ መጽሐፍ፣ ሌላውን ከሌላው ማቀላቀል ግን ያጠፋል።

ቁጥሩ ይታመናል?

አሁን የደበቅናቸውን ሌሎች ነጥቦች እናውጣ። ከሠንጠረዡ ጎን ለጎን ያሉ ጥንዶችን ብቻ እየወሰድን ተመሳሳዩን ስሌት ብንሠራ የሚገኘው ይህ ነው፦

| ጥንድ (°C) | Ea (ኪሎ ጁል በሞል) |
|---|---|
| 25 እና 35 | 104.0 |
| 35 እና 45 | 106.4 |
| 45 እና 55 | 95.7 |
| 55 እና 65 | 108.6 |

ሪአክሽኑ አንድ፣ ቀመሩ አንድ፣ መልሱ ግን ከ96 እስከ 109 ይዋዥቃል። ሦስተኛው ጥንድ በጣም ዝቅ፣ አራተኛው ከፍ ማለታቸውን አስተውሉ። ሁለቱ የሚጋሩት የ55 ዲግሪውን ነጥብ ነው። ያ k ከትክክለኛው ትንሽ ዝቅ ብሎ ከተለካ፣ ከታች ወደ እሱ የሚወጣው ጭማሪ አንሶ ይታያል፣ ከእሱ ወደ ላይ ያለው ደግሞ በዝቶ። የ45 እና የ65 ነጥቦችን በቀጥታ መስመር አገናኝተን 55 ላይ ምን ይጠበቅ እንደነበር ብናሰላ 1.61 × 10⁻³ ነው፤ ሠንጠረዡ ያለው 1.50 × 10⁻³ ከዚያ በ7 በመቶ ያንሳል። የ7 በመቶ ልዩነት በ k ላይ ብዙ የሚያስወቅስ አይደለም። በአሥር ዲግሪ ርቀት ሲሰላ ግን መልሱን ከስድስት ኪሎ ጁል በላይ አንቀሳቀሰው።

በሌላ በኩል የሩቆቹን ጫፎች፣ 25ን ከ65 ጋር ብናጣምር 103.7 ይመጣል። እንዲህ የሚሆንበት ምክንያት ከቀመሩ ይታያል። የ k ስህተት የሚገባው በሎጋሪዝሙ በኩል ነው፤ መጠኑም የሙቀቱ ልዩነት ሰፋ ጠበበ ብሎ አይለወጥም። የሚካፈለው ግን ለ 1/T1 − 1/T2 ነው። ክፍተቱ ሲጠብ አካፋዩ ያንሳል፣ ስህተቱም ይነፋል። በቁጥር ለማስቀመጥ፦

```
δEa ≈ R × √(e1² + e2²) / (1/T1 − 1/T2)
```

e1 እና e2 የሁለቱ k ስህተቶች ናቸው፣ በመቶኛ ሳይሆን በአስርዮሽ (5 በመቶ ከሆነ 0.05)። ሁለቱም k በ5 በመቶ ቢጠረጠሩ፣ ከ25 ተነስቶ የ10 ዲግሪ ክፍተት 5.4 ኪሎ ጁል ጥርጣሬ ያመጣል፤ የ20 ዲግሪ ክፍተት 2.8፤ የ40 ዲግሪ ክፍተት 1.5። ስለዚህ ከ25 እና 45 ያገኘነውን መልስ በሐቀኝነት መጻፍ ካለብን «105 ± 3 ኪሎ ጁል በሞል» ነው። 105.155 ብሎ መጻፍ ካልኩሌተሩ ያሳየውን መገልበጥ እንጂ መለካት አይደለም።

የቴርሞሜትር ስህተትም በዚሁ ሚዛን ይታያል፣ ግን ሁለት ዓይነት ነው። ቴርሞሜትሩ በሁለቱም ሙቀት በእኩል ግማሽ ዲግሪ ቢስት ልዩነታቸው ስለማይነካ ጉዳቱ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። የሚጎዳው አንዱ ብቻ ሲስት ነው። የተለመደው መንገድ ይህ ነው፦ ሙቀቱ የተነበበው ከውኃው መታጠቢያ ነው፣ ሪአክሽኑ ግን ያለው በመታጠቢያው ውስጥ በተነከረው ብልቃጥ ነው፣ ፈሳሹም ገና መታጠቢያውን አልደረሰበትም። በከፍተኛው ሙቀት ፈሳሹ በግማሽ ዲግሪ ቢቀዘቅዝ፣ k2 ከተጻፈለት ሙቀት በታች የተለካ ይሆናል፣ Ea ም ዝቅ ብሎ ይወጣል። በ10 ዲግሪ ክፍተት ላይ ይህ 5 በመቶ ነው፤ በ40 ዲግሪ ክፍተት ላይ ከ1.5 በመቶ አያልፍም። ቴርሞሜትሩ ከተቻለ ፈሳሹ ውስጥ ይግባ።

እንግዲያውስ ክፍተቱን የቻልነውን ያህል ለምን አናሰፋም? ጊዜው አይፈቅድም። በምሳሌያችን ሃፍ ላይፉ በ25 ዲግሪ አምስት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፣ በ45 ዲግሪ 23 ደቂቃ፣ በ65 ዲግሪ ሁለት ደቂቃ ተኩል እንኳ አይሞላም። 65 ላይ ብልቃጡ እስኪሞቅ በሚያልፈው ጊዜ ከሪአክሽኑ ጥሩ ድርሻ ያልቃል። ወደ ታች ሲኬድ ደግሞ በዜሮ ዲግሪ የተለካው k 7.87 × 10⁻⁷ ነው፤ ሃፍ ላይፉ አሥር ቀን ይሆናል። ለእንዲህ ዓይነቱ ሪአክሽን ከ20 እስከ 30 ዲግሪ ያለው ክፍተት ሁለቱን ጫፎች በአንድ የሥራ ቀን ለመለካት የሚመች መሃል ነው። አንደኛ ኦርደር ከሆነ አንድ ቀላል ማምለጫ አለ፦ k በመነሻው ኮንሰንትሬሽን ላይ ስለማይመሠረት፣ ሙቀቱ ያልረጋባቸውን የመጀመሪያ ንባቦች ጥላችሁ ሰዓቱን ከረጋ በኋላ ካለው ነጥብ «ዜሮ» ብላችሁ መጀመር ትችላላችሁ።

በመልሱ መሥራት

Ea ከተገኘ በኋላ በሦስተኛ ሙቀት k ን መተንበይ ይቻላል፤ ይህ መልሱን ለመፈተንም የሚያገለግል ነው። በ105.2 ኪሎ ጁል የ35 ዲግሪውን ብናሰላ 1.37 × 10⁻⁴ ይመጣል፤ የተለካው 1.35 × 10⁻⁴ ነው። በሁለቱ ነጥቦች መሃል ስላለ መቀራረቡ አያስገርምም። ወደ ውጭ፣ ወደ ዜሮ ዲግሪ ስንወጣ ትንበያው 7.11 × 10⁻⁷፣ የተለካው 7.87 × 10⁻⁷ ነው፤ 10 በመቶ ገደማ ጎደለ። ከለካችሁበት ክልል በራቃችሁ ቁጥር የ Ea ትንሽ ስህተት እየተባዛች ትሄዳለች።

A ን ከፈለጋችሁ Ea ን ከአንዱ k ጋር መልሳችሁ አስገቡ፦

```
ln A = ln k1 + Ea / (R × T1)
     = −10.27 + 42.42 = 32.15
A ≈ 9 × 10¹³ s⁻¹
```

ይህን ቁጥር በጥንቃቄ ያዙት። Ea ን ከ105.2 ወደ 103.7 ብናወርደው A ወደ 5 × 10¹³ ይወርዳል። የአንድ ኪሎ ጁል ተኩል ልዩነት A ን ግማሽ ሊያደርገው ምንም አልቀረውም። ከሁለት ነጥብ የተገኘ A የሚያመለክተው የአሥር ደረጃውን ብቻ ነው፤ 13 ወይም 14 ገደማ ነው ለማለት ያህል።

ለፈጣን ፍተሻ፣ በ25 እና በ35 ዲግሪ መካከል ፍጥነቱ እጥፍ የሚሆን ሪአክሽን Ea ው 53 ኪሎ ጁል ነው፤ ሦስት እጥፍ ከሆነ 84። የኛ አራት እጥፍ ገደማ ስለጨመረ ከመቶ በላይ መውጣቱ ይጠበቅ ነበር። k በአሥር ዲግሪ እጥፍ ብቻ ሆኖ ስሌታችሁ 150 ካወጣ ስሌቱን ድጋሚ ሥሩት።

ሁለት ነጥብ የማይናገረው

ቀመሩ Ea በሁለቱ ሙቀቶች መካከል አንድ ነው ብሎ ይነሳል። ያ እውነት ካልሆነ ሁለት ነጥብ በራሳቸው ሊነግሩን አይችሉም፤ በሁለት ነጥብ መካከል የሚያልፈው መስመር ምንጊዜም ቀጥ ያለ ነውና። በኤንዛይም የሚነዳ ሪአክሽን ላይ ከፍተኛው ሙቀት ኤንዛይሙ መበላሸት የጀመረበት ከሆነ k2 ወድቆ ይለካል፣ Ea ው ሐሰተኛ ዝቅታ ያሳያል። በፈሳሽ ውስጥ እጅግ ፈጣን የሆነ ሪአክሽን ደግሞ ፍጥነቱን የሚወስነው ሞለኪውሎቹ የሚገናኙበት ፍጥነት ሊሆን ይችላል፤ ያን ጊዜ የምታገኙት ትንሽ ቁጥር የሚገልጸው የፈሳሹን ውፍረት ነው፣ ሪአክሽኑን አይደለም። ኔጋቲቭ መልስም ምልክት ተሳስቶ ብቻ የሚመጣ አይደለም፦ ናይትሪክ ኦክሳይድ ከኦክሲጅን ጋር ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ ሲሠራ (2NO + O2 → 2NO2) ሙቀት ሲጨምር በእርግጥ ይዘገያል፤ በእንዲህ ባለ ጊዜ ኔጋቲቩ ቁጥር ትክክለኛው ነው።

የሚረዳው ሦስተኛ ሙቀት ነው፣ በሁለቱ መካከል። ከታችኛውና ከመካከለኛው ጥንድ አንድ Ea፣ ከመካከለኛውና ከላይኛው ሌላ Ea አስሉና ልዩነታቸውን ከላይ ባለው የ δEa ቀመር ከሚጠበቀው ጥርጣሬ ጋር አስተያዩ። ልዩነቱ ከጥርጣሬው ካልበለጠ መስመሩ ቀጥ ነው ማለት ይቻላል። ከበለጠ መካከለኛውን ነጥብ ድጋሚ ለኩት። ድጋሚ ተለክቶም እንደዚያው ከሆነ ጫፎቹንም ፈትሹ፤ እነሱም ትክክል ከሆኑ ሪአክሽኑ ራሱ በሁለቱ ሙቀቶች መካከል መንገዱን የቀየረ ሊሆን ይችላል፤ ያን ጊዜ ለዚያ ክልል አንድ Ea መጻፍ አይቻልም።